«ዘራቸውን አናውቅም» ሲባል

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ አንድ ወጣት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣ። ዕድሜው 27 ነው። መርካቶ ውስጥ ከአጎቱ ጋር በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ይተዳደራል። ቤተሰቦቹ የስልጤ ተወላጆች ናቸው። ሊያገባት የፈለገው እኅት ደግሞ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ኮልፌ የከተሙ ሲሆኑ፣ እሷ የፋርማሲ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀራት ተማሪ ናት። ሽማግሌ ተልኮ አባቷ እምቢ ብለዋል። የወጣቱ ጥያቄ አጭር ነበረች፦ «እኔም ሙስሊም፣ እሷም ሙስሊም። አባቷ ‹ዘራቸውን አናውቅም› ብለው ከከለከሉን፣ ቃዲ ዘንድ ሄደን ኒካሕ ማሰር አንችልም ወይ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። በደብዳቤም በአካልም ይደርሰናል። ብዙውን ጊዜም ጠያቂው የሚፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የምትል። እኛም መልሱን በአንድ ዓምድ ጽፈን ልናልፈው ነበር። ነገር ግን ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ ታላቅ ወንድሟን አስከትላ መጣችና ሌላ ነገር ነገረችን። «ቃዲ የሚለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አባቴን ሸሪዓ ፊት አቁሜ አላገባም። ደግሞም የእሱ እናት ‹ከረመዷን በፊት ካልሆነ› ይላሉ፤ እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ ከቤት አልወጣም። በዚያም ላይ የእናቴ እናት ክርስቲያን ናቸው። እሳቸው በሰርጌ እንዳይገኙ የሚፈልግ ሰው አለ መሰለኝ።»

በዚህ ጊዜ ጉዳዩ የአባትና የልጅ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ተጫጮችም መሆኑ ገባን። ሁለቱ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚይዙት ራሳቸው አልተስማሙም። ስማቸው ሳይጠቀስ ታሪካቸው እንዲጻፍ ስለፈቀዱልን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውንና ዑለማዎች ያስረዱንን እናቀርባለን።

ከፉእ ማለት ምን ማለት ነው?

አባትየው እምቢ ሲሉ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። «በኪታብም ከፋአህ የሚባል ነገር አለ» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አለ። ከፋአህ ማለት ወንዱ ከሴቷ ጋር የሚመጣጠን መሆኑ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ግን ምን በምን እንደሚመዘን የተለያየ አስተያየት አላቸው። በማሊኪ መዝሀብ ሚዛኑ በዋናነት ዲኑና ከከባድ ነውር ነፃ መሆኑ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ዘርም ሙያም ይቆጠራል። በሐነፊ መዝሀብም ዘር አለ። ሆኖም የሐነፊ ኪታቦች የዘርን ነገር በዋናነት በዓረቦች መካከል ያደርጉትና፣ ከዓረብ ውጭ ባለው ሕዝብ ዘንድ የሚታየው የአባትና የአያት እስልምና እንደሆነ ይገልጻሉ። በዚህ ዓይን የወሎና የስልጤ ሰው፣ አያት ቅድመ አያቱ ሙስሊም እስከሆነ ድረስ፣ በዘር የሚበላለጥበት ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ከፋአህን በሚያነሱት መዝሀቦች ዘንድ እንኳ ነገሩ የሴቷና የወሊይዋ መብት እንጂ በአላህ (ሱ.ወ.) የተከለከለ ድንበር አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ወደው ከተዉት ኒካሑ ትክክለኛ ነው። ስለዚህ «ሸሪዓው አይፈቅድም» እና «እኔ መብቴን አልተውም» የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። አባት ሁለተኛውን ሊል ይችላል። የመጀመሪያውን ግን ማለት አይችልም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በተግባር ያሳዩት ደግሞ ይታወቃል። የአክስታቸውን ልጅ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን ባርነትን ላየው ለዘይድ ኢብን ሓሪሣ አጋብተዋል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ የተባለችው የቁረይሽ ሴት ስለጠያቂዎቿ ስታማክራቸው የዘይድን ልጅ ኡሳማን እንድታገባ ነግረዋታል፤ ይህ በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። አቡ ሂንድ ዋግምት በማውጣት የሚተዳደር ሰው ነበር። በኑ በያዳ የተባለውን ጎሳ እንዲድሩትና ከእሱም ወገን እንዲያገቡ እንዳዘዙ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ይህን የመጨረሻውን የምናነሳው ለምክንያት ነው። በአገራችን «ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ» እየተባለ ልጅ የሚከለከልበት ቤት፣ ሶላት በጀማዓ የሚሰገድበት ቤት ጭምር ነው። በዚህኛው ታሪክ ግን የሙያ ነገር አልተነሳም።

የአባት እምቢታ በደል የሚሆነው መቼ ነው?

ወጣቱ ያነሳው የቃዲ ጥያቄ መሠረት አለው። በዐረብኛ «ዐድል» ይባላል፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ጤነኛ ሴት ከፉእዋ የሆነውን ሰው ስትጠይቅ ወሊይዋ ያለ በቂ ምክንያት መከልከሉ ነው። በሱረቱል በቀራህ 232ኛው አንቀጽ ይህን ያወግዛል። አንቀጹ የወረደው በሶሓባው መዕቂል ኢብን የሳር ምክንያት ነው። እኅቱን የፈታት ባሏ ተመልሶ ሊያገባት ሲመጣ፣ እሷም ስትፈልገው፣ መዕቂል ተቆጥቶ ከልክሎ ነበር። አንቀጹ ሲወርድ ቁጣውን ትቶ ዳራት።

ታዲያ ወሊይ ዐድል ሲፈጽም ውክልናው ወዴት ይሄዳል? በሻፊዒዮች ዘንድ ወደ ቃዲ፣ በሐንበሊዮች ዘንድ በቅድሚያ ወደሚቀጥለው ወሊይ ይሻገራል። ሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ ብታስር ኒካሑ ይጸናል፤ ባልየው ከፉእ ካልሆነ ግን ወሊይ ቃዲ ዘንድ ሊቃወም ይችላል።

ይሁን እንጂ ቃዲው በሴቷ ቃል ብቻ ኒካሕ አያስርም። በቅድሚያ አባቱን ያስጠራል፤ ለምን እንደከለከለ ይጠይቃል። ሰውየው ሶላት የማይሰግድ ነው፣ ይጠጣል፣ ዕዳ አለበት፣ ሚስት እያለችው ደብቋል ካለና ከተረጋገጠ ምክንያቱ ተቀባይነት ያገኛል። ምክንያቱ ውሃ የማያነሳ ከሆነ እንዲድር ያዝዘዋል። እምቢ ሲል ወይም ሆን ብሎ ሲሸሽና ይህም ሲረጋገጥ ብቻ ነው ቃዲው ራሱ የሚድራት። እዚህ ላይ ወጣቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ጠንከር ባለው አስተያየት፣ የልጃገረድ አባት እሷ ከጠራችው ሰው ፋንታ ሌላ ከፉእ የሆነ ሰው ካቀረበ ዐድል ፈጸመ አይባልም። ይህ ማለት ያልወደደችውን በግድ ይድራታል ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳትፈልግ የተዳረችውን የኸንሳእ ቢንት ኺዛምን ጋብቻ እንዳፈረሱ ቡኻሪ ዘግበዋል። በአገራችን የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ የሌለበት ጋብቻ አይጸናም።

በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሚሠሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ የቤተሰብን ጉዳይ የሚያዩት ባለጉዳዮቹ በዚያ ለመዳኘት ሲፈቅዱ ነው። ከመስጊድ ደጅ አንድ የማይታወቅ ሰው ጠርቶ፣ ሁለት ጓደኛ ምስክር አድርጎ «ቃዲ አስሮልናል» ማለት ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እንዲህ የታሰረ ኒካሕ ጣጣው የሚወጣው ልጅ ሲወለድ፣ ወይም ባልየው ሲክድ ነው።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ካስረዳነው በኋላ አንድ አዛውንት ሸይኽ ዘንድ ወሰድነው። ሸይኹ በፈገግታ አዳምጠውት «ቃዲ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው መንገድ ነው። አንተ ገና የመጀመሪያውን በደንብ አልሄድክበትም» አሉት። ከዚያም የላካቸው ሽማግሌዎች እነማን እንደነበሩ ጠየቁት።

ሽማግሌዎቹ

ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም የአባቱ ወገኖች። አባትየው ቤት ገብተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጉዳዩ ከተነሳ በኋላ፣ እርስ በርስ በስልጥኛ ተነጋግረዋል። በክፋት አልነበረም፤ መህሩን በስንት እንጀምር እየተባባሉ ነበር። አባትየው ግን በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው ጉዳይ፣ የማይሰሙት ቋንቋ ሲነገር ተቀምጠው ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «ዘራቸውን አናውቅም» ያሉት ለዚህ ነው። ይህን የሰማነው ከወንድምየው ነው፤ ወጣቱ ጨርሶ አያውቅም ነበር።

ሸይኹ ሌላም ነገር ከወንድምየው አወጡ። የአባትየው ታናሽ እኅት በወጣትነታቸው ሩቅ አገር ተድረው ነበር። ቋንቋውን የማያውቁበት ቤት ገብተው፣ ታመው፣ ወሬው ለወንድማቸው የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። አባትየው ይህን ለማንም አይናገሩም። ልጅቷ እንኳ የምታውቀው በጨረፍታ ነው።

ሸይኹ ያስተማሩን ዋና ነገር ይህ ነው። እምቢታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከንቀት፣ አንዱ ከፍርሃት የሚመጣ። ሁለቱም አፋቸው ላይ የሚያመጡት ቃል ያው «ዘር» የሚለው ነው። መለያው ምንድን ነው ብለን ጠየቅናቸው። «ምን ቢሆን ይሰጡናል ብለህ ጠይቅ» አሉ። «የፈራ ሰው ቅድመ ሁኔታ ያወጣል፤ የት ትኖራለች? ስትወልድ ማን ያርሳታል? ብትጣላ ወዴት ትመጣለች? ይላል። የናቀ ሰው ምንም ብትሰጠው ቅድመ ሁኔታ የለውም።» ለናቀ ሰው የቃዲ በር አለ። ለፈራ ሰው ግን ቃዲ መጥራት ፍርሃቱን እውነት ማድረግ ነው፤ ገና ሳይሰጥ ልጁን ወስደውበታልና።

እንደገና ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሸይኹ ሁለቱን ለየብቻ አነጋገሩ፤ ልጅቷን ወንድሟ ባለበት። ለእያንዳንዳቸው የጠየቁት አንድ ዓይነት ነበር፤ የማትለቀው ምንድን ነው? ልትለቀው የምትችለውስ? የወጣቱ መልስ የሚገርም ሆነ። ቃዲ ቃዲ ያለው ለቃዲ ጓጉቶ ሳይሆን እናቱ ከአገር ቤት ሌላ ልጅ እያጩለት ስለነበር ነው፤ ጊዜ እያለቀበት ነበር። ይህን ለልጅቷ ነግሯት አያውቅም፤ እንዳትከፋ ብሎ። እሷ ደግሞ ችኮላውን የአባቷን ክብር እንደመድፈር ቆጥራበት ነበር። እሱ የማይለቀው ነገሩ ሳይታሰር ዓመት መቆየትን ነው። እሷ የማትለቀው ትምህርቷን፣ የአባቷን እጅና የአያቷን መኖር ነው። ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር እምብዛም የለበትም።

በሁለተኛው ጊዜ የተላኩት ሽማግሌዎች አራት ነበሩ። አባትየው የሚሰግዱበት መስጊድ ኢማም፣ የአባትየው የቅርብ ዘመድ የሆኑ አንድ ሰው፣ የወጣቱ አጎት፣ እና ከስልጤ ቤተሰብ ያገባች የወሎ ተወላጅ ባለቤት የሆኑ አንድ ነጋዴ። አጎትየው ተነሥተው ስለመጀመሪያው ቀን ይቅርታ ጠየቁ። ነጋዴው ሚስታቸው 15 ዓመት ከማን ጋር እንደኖረች፣ ልጆቻቸው የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገሩ አጫወቱ። መህር አልተነሳም። አባትየው «አስብበታለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹም የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

በመሐሉ አባትየው ያደረጉትን የሰማነው ዘግይተን ነው። ለማንም ሳይናገሩ መርካቶ ሄደው ከልጁ ሱቅ ጨርቅ ገዝተዋል። ሲለካ አዩት፤ ዐስር ሲደርስ ሱቁን ለማን ትቶ እንደሚሄድ አዩ። ከጎረቤት ሱቅም ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ። ወሊይ ማጣራት መብቱ ብቻ ሳይሆን አደራውም ነው። ወጣቶቻችን ይህን እንደ ንቀት ባይቆጥሩት እንወዳለን።

በቀጠሮው ቀን ቅድመ ሁኔታ አወጡ፤ መኖሪያቸው አዲስ አበባ እንዲሆን፣ ትምህርቷን እንድትጨርስ። ሸይኹ ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ ፍርሃት ነበር» አሉ።

ኒካሑ ታስሮ ድግሱ ሲቆይ

የጊዜውን ነገር የፈታው ብዙዎች የሚያውቁት፣ ጣጣውን ግን የማያጣሩት መንገድ ነው። ኒካሑ ከረመዷን በፊት ይታሰራል፤ ልጅቷ እስክትመረቅ አባቷ ቤት ትቆያለች። የወጣቱ እናት ጊዜያቸውን አገኙ፤ ልጅቷም ትምህርቷን። ነገር ግን ሁለቱም ቤተሰቦች ይህን «ቀለበት» እያሉ ሲጠሩት ሸይኹ አስቆሟቸው። ቀለበትና ማጨት ቃል ኪዳን ነው፤ ቢፈርስ ፍች አይጠይቅም፤ ሁለቱም እንደ ባዕድ ናቸው። ኒካሕ ከታሰረ ግን ባልና ሚስት ናቸው።

ይህ ምን ያስከትላል? ከመገናኘታቸው በፊት ቢፈታት፣ መህሩ ተወስኖ ከነበረ ግማሹ የእሷ ነው፤ ይህ በሱረቱል በቀራህ 237ኛው አንቀጽ ተደንግጓል። ኢድዳም የለባትም። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ግን ነገሩ ይለወጣል። በሕይወት የቀረው ይወርሳል። የሞተው እሱ ከሆነ ሚስት ሙሉ መህሯን ታገኛለች፤ አብረው አንድ ቀን ባያድሩም አራት ወር ከዐሥር ቀን ኢድዳ ትቀመጣለች። ቀለብን በሚመለከት ወደ ቤቱ ለመሄድ ዝግጁ እስካልሆነች ድረስ አይገደድም። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች ደግሞ ባልና ሚስት ማንም በማይገባበት ቤት ብቻቸውን ከተገለሉ ሙሉ መህር ይጸናል ይላሉ። ስለዚህ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ልጁ ወደ ኮልፌ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ፣ አብረው ይወጡ እንደሆነ ከወዲሁ መነጋገር ግድ ነው። «ባሏ ነው፤ ምን አገባችሁ» እና «ገና አልተዳረችም» የሚሉ ሁለት ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት ሲጣሉ አይተናል። ዓመቱም እየተራዘመ ሁለትና ሦስት ሲሆን ፍቅሩ ይቀዘቅዛል፤ ልጅቷም አግብታ ያላገባች ሆና ትቀራለች። ለዚህ ነው የመውጫው ቀን ከኒካሑ ጋር መወሰን ያለበት።

ትምህርቷን እንድትጨርስ የተባለው ሁኔታም በቃል አልቀረም። ሐንበሊዮች እንዲህ ያለውን ሁኔታ ባል ካፈረሰ ሚስት ጋብቻውን ማፍረስ ትችላለች ይላሉ። ሌሎቹ መዝሀቦች ሊከበር የሚገባ ቃል ቢያደርጉትም ሁሉም ያን ያህል ኃይል አይሰጡትም። በመሆኑም በጋብቻ ውል ላይ እንዲሰፍር ሸይኹ መከሩ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ጋብቻውም በሃይማኖት ቢፈጸም መመዝገብ አለበት።

አያትየው

የቀረው የልጅቷ አያት ነገር ነበር። ወሎን የሚያውቅ ሰው ይህን አያጋንነውም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆኖ መኖር እዚያ የተለመደ ነው፤ ለየወገኑ የሚታረድበት ድግስም የታወቀ ነው። የወጣቱ እናት ግን ይህን አላዩም። «ነገ የልጅ ልጄን ማን ሊያሳድግ ነው?» ብለው ሰጉ። ወጣቱም እናቱን ላለማስከፋት «አያትየው ከድግሱ በኋላ ብቻቸውን ቢጠየቁስ?» ብሎ ነበር። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ስልኩን አላነሳችም።

ሸይኹ መልስ የሰጡት በአስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። እናቷ ገና ሙሽሪክ ሳሉ ሊጠይቋት ሲመጡ ልትቀበላቸው እንደሚገባ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃ፣ ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነግረዋታል። አያትየው በኒካሑ ወሊይም ምስክርም አይሆኑም፤ ያንንም የጠየቀ የለም። እንግዳ መሆን ግን ሌላ ነው። የወጣቱን እናት ያግባባቸው ግን ሐዲሱ ብቻ አልነበረም። ልጅቷና እናቷ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄደው ቡና አፍልተው ከዋሉ በኋላ «ይቺ ልጅ የምትሰግደው እንደኛው ነው» ብለው ለአጎትየው ተናገሩ አሉ። አገር ቤት ታጭታ የነበረችውንም ልጅ ነገር በዚያው ሳምንት አቋረጡ።

ኒካሑ የታሰረው ሻዕባን ወር ውስጥ፣ በአባትየው ቤት፣ በአባትየው እጅ ነው። መህሩ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግማሹ እጅ በእጅ ተከፈለ፤ ቀሪው ከምርቃቱ በኋላ ወደ ቤቷ በምትገባበት ቀን እንዲከፈል ተወሰነ። በዕለቱ አያትየው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ምግባቸው ለብቻ ተዘጋጅቶ። የልጁ እናት ግን ከእሳቸው ራቅ ብለው ነበር የተቀመጡት። ልጅቷ ስትነግረን «ወደፊት ይቀራረባሉ ኢንሻአላህ» አለች። ወንድሟ ደግሞ «አባባ አሁን ለስልጥኛ ቃላት ደብተር ገዝተዋል» ብሎ ሳቀ።